አጎበርና የትንኝ መከላከያ ስንገዛ ምን እንይ?

ሐዴራ ውስጥ ዛሬ ወባ የለም። ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ከምሽት እስከ ንጋት የምትነክሰው ትንኝ የዌስት ናይል ትኩሳት ልታስተላልፍ ትችላለች፤ በሽታው ይበልጥ የሚጠናው በአረጋውያን ላይ ነው።

እኛ ነርሶች በአንድ ቤት ያገኘናቸው እናት አጎበር ውስጥ እየተኙ ክንዳቸው በንክሻ ተሞልቶ ነበር። አጎበሩ አልተቀደደም፤ ግን ጠባብ ስለሆነ ክንዳቸውን ይነካል። ትንኟም ውጭ ሆና በቀዳዳው ትነክሳቸዋለች። ሰፋ ያለ ገዝተው ጠርዙን ከፍራሹ ሥር ሲያስገቡ ንክሻው ቆመ።

ስትገዙ ቀዳዳውን በማስመሪያ ለኩ፤ አሥር ቀዳዳ ተደርድሮ ከ1.5 ሴንቲ ሜትር ባይበልጥ ጥሩ ነው።

የሚቀባውን መከላከያ ደግሞ በሽታው ሳይሆን ከጀርባው በተጻፈው ንጥረ ነገር ምረጡ፤ ዲት ወይም ፒካሪዲን መሆኑን እዩ። የዲት መቶኛ ሲጨምር የሚረዝመው የሚቆይበት ሰዓት ነው፤ ለአዋቂ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይበቃል። ለልጅ ማሸጊያው የሚፈቅደውን ዕድሜ አንብቡ፤ እጁን ወደ አፉ ስለሚወስድ መዳፉን አትቀቡት። ሁለት ወር ያልሞላውን ሕፃን ከቶ አትቀቡ፤ አልጋውን በአጎበር ሸፍኑለት። ሽታ ያለው የእጅ አምባር ግን አጎበርንም ቅባትንም አይተካም።