አሲዱ የት ሄደ?

የመኪና ባትሪ ሲደክም ብዙ ቦታ የሚታይ ልማድ አለ፤ ክዳኑ ይከፈትና አሲድ ይጨመርበታል። ባትሪው ለጊዜው ነቃ ይላል፤ ሰንብቶ ግን ይብስበታል። ባለቤቱም "ዕድሜው አልቋል" ብሎ ይጥለዋል። እንዲህ ከተጣሉት ባትሪዎች መካከል ቻርጅ ብቻ ይበቃቸው የነበሩ አሉ። አሲድ ከመጨመር በፊት የነበረው አሲድ የት እንደሄደ መጠየቅ ይገባል። መልሱን የሚሰጠው መሣሪያ ሃይድሮሜትር ይባላል።

ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ክፍሎች፣ ማለትም ስድስት ሴሎች አሉት። በእያንዳንዱ ሴል ውስጥ የእርሳስ ሳህኖች በሰልፈሪክ አሲድና በውሃ ድብልቅ ተነክረዋል። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ከሳህኖቹ ጋር ተዋሕዶ እዚያው ላይ ይቀመጣል፤ ፈሳሹም እየቀጠነ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ቻርጅ ሲደረግ ደግሞ አሲዱ ከሳህኖቹ ተላቆ ወደ ፈሳሹ ይመለሳል። እንግዲህ በደከመ ባትሪ ውስጥ አሲዱ አልጠፋም፤ ሳህኖቹ ላይ ነው ያለው። በጊዜ ብዛት ከባትሪው የሚወጣው ውሃው ነው፤ ከፊሉ ይተናል፣ ከፊሉም ቻርጅ ሲደረግ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል። የተጣራ ውሃ ብቻ የሚጨመረው በዚህ ምክንያት ነው። በደከመ ሴል ላይ አሲድ የጨመረ ሰው፣ ባትሪው ቻርጅ ሲሆን የድሮውም አሲድ ስለሚመለስ፣ ፈሳሹን ከመጠን በላይ ያከብደዋል። እንዲህ ያለ አሲድ የሳህኖቹን ፍርግርግ ይበላል። ከዚያ ወዲያ ሃይድሮሜትሩም ከእውነቱ በላይ ስለሚያሳይ ንባቡ አይታመንም።

ሙሉ ቻርጅ ያለው የተለመደ የመኪና ባትሪ ፈሳሽ አንድ ሊትሩ 1,265 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ባዶ ሲሆን 1,120 ግራም አካባቢ ይወርዳል። ይህ ከውሃ ጋር ሲነጻጸር 1.265 እና 1.120 ተብሎ ይጻፋል፤ አንጻራዊ እፍጋት የሚባለውም ይኸው ነው። 1.225 ላይ ሦስት አራተኛ፣ 1.190 ላይ ደግሞ ግማሽ ያህል ኃይል አለ። ለሞቃት አካባቢ የሚሠሩ ባትሪዎች ሙሉ ሆነውም ቀለል ያለ አሲድ ሊይዙ ስለሚችሉ የአምራቹን ቁጥር ማየት ያስፈልጋል።

ሃይድሮሜትር ከላይ የጎማ መጭመቂያ፣ ከታች ቀጭን ቱቦ ያለው የመስታወት በርሜል ነው። በውስጡ ቁጥር የተጻፈበት ተንሳፋፊ አለ። እንቁላል በንጹሕ ውሃ ሰምጦ በጨው ውሃ እንደሚንሳፈፍ ሁሉ፣ ይህም ተንሳፋፊ አሲዱ በከበደ ቁጥር ከፍ ይላል፣ በቀጠነ ቁጥር ጠለቅ ይላል። አጠቃቀሙ ቀላል ቢመስልም ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ተንሳፋፊው ከታችም ከላይም ከጎንም ሳይነካ ለብቻው እስኪቆም ድረስ ፈሳሹ ይሳባል። በርሜሉ ቀጥ ብሎ በዓይን ትክክል ይያዝና ቁጥሩ በፈሳሹ ገጽ ልክ ይነበባል። ከዚያ ፈሳሹ ወደ ወጣበት ሴል ይመለሳል፤ ወደ ሌላ ሴል ከሄደ ሁለቱም ሴሎች ይዛባሉ። ቁጥሩ እየተነበበ ቀለሙም ይታይ። ድፍርስና ቡናማ ፈሳሽ ከሳህኖቹ እየረገፈ ያለ ነገር መኖሩን ይናገራል። መነጽርና ጓንት ግድ ነው፤ እሳትና ሲጋራም ከአካባቢው ይራቁ፣ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳልና። አሲድ ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ውሃ ረዘም ላለ ጊዜ አጥቦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

የሚለካበትም ጊዜ አለው። የተጨመረ ውሃ መጀመሪያ ላይ ከላይ ይተኛል፤ ሃይድሮሜትሩም ከላይ ስለሚስብ ያንኑ ውሃ ይለካል። ስለዚህ ውሃ ከተጨመረ በኋላ ባትሪው ቻርጅ ሆኖ ፈሳሹ ሳይደባለቅ መለካት ትርጉም የለውም። መኪና ላይ ያለ ባትሪ በጉዞ ይናወጣል። ሳይነቃነቅ የሚቆም የሶላር ባትሪ ግን ከባዱ አሲድ ከታች ሊዘቅጥበት ይችላል፤ ከላይ የተወሰደው ንባብም ከእውነቱ ያነሰ ይሆናል።

አሁን አንድ ምሳሌ እንውሰድ። በታኅሣሥ ማለዳ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሚኒባስ አልነሳ አለ እንበል። የአሲዱ ሙቀት 10 ዲግሪ ነው። ስድስቱ ሴሎች በቅደም ተከተል 1.250፣ 1.245፣ 1.250፣ 1.180፣ 1.250 እና 1.245 ያሳያሉ። መጀመሪያ የሙቀቱ እርማት ይሠራል። ቁጥሮቹ የተሰናዱት ለ27 ዲግሪ ገደማ ነው፤ አሲድ ሲቀዘቅዝ ስለሚጠብብና ስለሚከብድ ቅዝቃዜ ንባቡን ከፍ ያደርገዋል። በየ5.5 ዲግሪው 0.004 ይቀነሳል፤ በዚህ ምሳሌ 0.012 መሆኑ ነው። (አሲዱ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በተቃራኒው ይደመራል።) ስለዚህ አምስቱ ሴሎች 1.233 እና 1.238 ላይ፣ አራተኛው ግን 1.168 ላይ ነው ያሉት።

ቮልት መለኪያ ብቻ ይዞ የመጣ ሰው ባትሪው ሳይሠራ ቆይቶ 12.4 ቮልት ያህል ያነብ ነበር። ያን አይቶም "ትንሽ ቻርጅ ይጎድለዋል" ማለቱ አይቀርም። መሣሪያው ስድስቱን ሴሎች ደምሮ ስለሚያሳይ የአንዱ ድካም በአምስቱ ብርታት ይሸፈናል። ሞተሪኖው ብዙ ኃይል ሲጠይቅ ግን ያቺው አንዷ ሴል መላውን ባትሪ ይዛ ትወድቃለች። በሃይድሮሜትሩ ንባብ በአራተኛውና በሌሎቹ መካከል ያለው ልዩነት 0.070 ይደርሳል። ባለሙያዎች 0.050ን እንደ ወሰን ይይዛሉ።

ቢሆንም ባትሪውን ለመጣል ገና ነው፤ ውሳኔው ከሙሉ ቻርጅ በኋላ ይመጣል። ቻርጅ ሞላ የሚባለው ሴሎቹ በደንብ እየተንተከተኩ፣ በየሰዓቱ የተወሰዱ ሦስት ንባቦች ለውጥ ሳያሳዩ ሲቀሩ ነው። አምስቱ ሴሎች 1.265 ደርሰው አራተኛው 1.205 ላይ ቀረ እንበል። አሁንም ሁለት ምክንያት ይቻላል። ምናልባት ከዚያ ሴል አሲድ ፈስሶ በውሃ ብቻ ተሞልቶ ይሆናል፤ ወይም ከሳህኖቹ የረገፈው ነገር ሁለቱን ሳህኖች አገናኝቶ ሴሉን ከውስጥ እያባከነው ይሆናል። ባትሪው ተፈትቶ ሁለት ቀን ይቀመጥና እንደገና ይለካ። የአራተኛው ቁጥር ባለበት ከቆየ የመጀመሪያው ይመስላል፤ አሲዱን ማስተካከልም ሙሉ ቻርጅ ባለው ባትሪ ላይ በባለሙያ እጅ ይሠራል። ቁጥሩ ብቻውን ከወረደ ግን ሴሉ በውስጥ ተገናኝቷል፤ ቻርጅም አሲድም አያድነውም።

ስድስቱም ሴሎች እኩል 1.190 ላይ ቢገኙ ኖሮ ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ያኔ ባትሪው ጤነኛ ነው፤ የሚመረመረው ዲናሞው፣ ቀበቶው፣ ወይም መኪናው ቆሞ ሳለ ኃይል የሚጠጣ ነገር ነው።

ክዳናቸው በማይከፈት ባትሪዎች ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። በአንዳንዶቹ አናት ላይ አረንጓዴ የምታሳይ ትንሽ መስኮት አለች፤ እሷም በውስጧ ትንሽ ሃይድሮሜትር ናት። የምታየው ግን ከስድስቱ ሴሎች የተተከለችበትን አንዱን ብቻ ነው።