«አቅራቢያ» ሲባል ውስጡንም ይጨምራል?

አንድ ሰው በእንግሊዝ ኖርፎክ፣ ማርሃም በተባለው የአየር ኃይል ጣቢያ ውስጥ ገብቶ በጥበቃ ላይ የነበረ ወታደርን ሥራ አሰናከለ። የተከሰሰበት የ1920 የመንግሥት ምስጢር ሕግ የሚከለክለው ግን በተከለከለ ስፍራ «አቅራቢያ» ጠባቂን ማሰናከልን ነበር። ተከሳሹ የነበርኩት ውስጥ ነው፣ አቅራቢያ አይደለም ብሎ ተከራከረ። አድለር እና ጆርጅ በሚል የሚታወቀው ይህ ጉዳይ እ.ኤ.አ. በ1964 ዳኝነት አገኘ፤ ለሕግ ተማሪም ግሩም የፈተና መለማመጃ ነው።

ጥሩ መልስ ከቃሉ ይጀምራል። በቀጥተኛው አተረጓጎም አቅራቢያ ማለት ከስፍራው ውጭ፣ ግን ቅርብ ነው፤ ተከሳሹ ነፃ ይወጣል። ቀጥሎ ውጤቱ ይመዘናል። ከአጥር ውጭ ያወከ ተቀጥቶ ውስጥ የገባው የሚያመልጥ ከሆነ፣ ትርጉሙ ፍጹም የማይረባ ውጤት ያመጣል። ወርቃማው ደንብ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው፦ ሎርድ ፓርከር የተመሩት ችሎት ሐረጉን «በውስጡ ወይም በአቅራቢያው» ብሎ አነበበው፤ ጥፋተኝነቱም ጸና።

ዓላማን የሚመረምረው መንገድም ወደዚያው ያደርሳል፤ ሕጉ የጦር ጣቢያዎችን ጥበቃ ከአዋኪ ለመከላከል የወጣ ነውና።

ብዙ ተማሪዎች ነጥብ የሚያጡት ሦስቱን ዘዴዎች ተርከው በጉዳዩ ላይ ሳይተገብሯቸው ሲቀሩ ነው። የተከሳሹን ጠንካራ ክርክር መዝለልም ያስቀጣል፦ የወንጀል ሕግ አሻሚ ሲሆን ጥርጣሬው ለተከሳሽ ይጠቅማል፣ ሕግ ማስፋትም የፓርላማ ሥራ ነው። ይህን አንስቶ ያልመለሰ መልስ ግማሽ ነው።