አረንጓዴ የሆነና ያበቀለ ድንች፤ መጣል የሚገባው መቼ ነው?



በአንድ የሰኔ ወር መግቢያ ላይ እኔ በጸሐፊነት የማገለግልበት የንግድ ቤት፥ ለአንድ ምግብ ቤት የሚቀርብ 3 ኩንታል ድንች ከአምበር ገበያ ገዝቶ ነበር። አምበር፥ ብዙዎቻችሁ እንደምታውቋት፥ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ዓባይን ተሻግሮ በደጀንና በሉማሜ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ በሚያልፈው አውራ ጐዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ጆንያዎቹ ሲፈቱ በአፋቸው ላይ ያለው ድንች ጠንካራና መልካም ነበር፤ ወደ መካከል ሲገባ ግን ቆዳው እንደ ቅጠል አረንጓዴ የሆነ፥ ከየዓይኑም አጭርና ወፍራም ቡቃያ ያወጣ ብዙ ድንች ተገኘበት። ባለቤቱም ወደ እኔ ዘወር ብለው፥ «እስቲ አንተ ተምረሃልና ንገረኝ፤ ይህ ይሸጣል ወይስ ይጣላል?» አሉኝ። በዚያ ሰዓት የሚያጠግብ መልስ አልነበረኝም። ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝም ያ ጥያቄ ነው።

በማግሥቱ ሻጪቱን ስንጠይቃቸው ነገሩን ሳይሸሽጉ ነገሩን፤ «ከዘር የተረፈ ነው፥ ወንድሜ። መሬቱ ሲሞላብን የቀረውን ከመብሉ ጋር ቀላቀልነው። እኛስ ልጠን በልተነዋል።» ሴትዮዋ ያታለሉን አይመስለኝም። ዘሩ አረንጓዴ የሆነው ተበላሽቶ ሳይሆን ታስቦበት እንደሆነ ግን ከዚያ ወዲያ ተረዳሁ።

የሆለታ የግብርና ምርምር ማዕከል ለገበሬዎች ካስተዋወቃቸው ነገሮች አንዱ የዘር ድንች ማከማቻ ቤት ነው። ይህ ቤት ከእንጨትና ከሣር የሚሠራ፥ ግድግዳው ነፋስና ለስላሳ ብርሃን የሚያስገባ፥ በውስጡም ድንቹ በስሱ የሚዘረጋበት ቆጥ በቆጥ ላይ የተደረደረበት ነው። የፀሐይ ጨረር በቀጥታ አይመታውም፤ ጨለማም አይሆንም። በጨለማ የተቀመጠ ዘር ረጅም፥ ነጭና ቀጭን ቡቃያ ያወጣና በተከላ ጊዜ ይሰበራል። ብርሃን ያገኘው ግን አረንጓዴ ሆኖ አጭርና ጠንካራ ቡቃያ ያወጣል፤ ለወራትም ሳይጨማደድ ይቆያል። ስለዚህ አረንጓዴነቱ ለተካዩ የመልካም ዘር ምልክት ነው። ያው ድንች ከቆጡ ወርዶ ወደ ድስት ሲገባ ግን ጕዳዩ ይለወጣል።

ምክንያቱም እንዲህ ነው። ድንች ሥር ቢመስልም ሥር አይደለም፤ ከመሬት በታች የወፈረ ግንድ ነው። ስለዚህ ብርሃን ሲያገኝ እንደ ማንኛውም ግንድ ቅጠልን አረንጓዴ የሚያደርገውን ክሎሮፊል ይሠራል። ክሎሮፊል ራሱ ጕዳት የለውም፤ በጐመን ውስጥ በየቀኑ እንበላዋለን። ነገር ግን ያው ብርሃን ድንቹ ሶላኒንና ቻኮኒን የሚባሉትን መራራ መርዞች እንዲያበዛ ያደርገዋል። እነዚህ መርዞች ተክሉ ከተባይ ራሱን የሚከላከልባቸው ናቸው። ከሁሉ ይልቅ የሚከማቹትም በቡቃያው፥ በዓይኑ ዙሪያና በቆዳው ሥር ነው። እንግዲህ አረንጓዴው ቀለም መርዙ ራሱ ሳይሆን ድንቹ ብርሃን አግኝቶ እንደነበረ የሚመሰክር ምልክት ነው። ምስክሩም ሁልጊዜ የተሟላ አይደለም፤ በዶማ የተቈረጠ ወይም በጭነት ጊዜ የተቀጠቀጠ ድንች አረንጓዴ ሳይሆን መርዙ ሊበዛበት ይችላል። ቆዳው ቀይ የሆነ ድንችም አረንጓዴነቱን ይሸሽጋል፤ ስለዚህ በጥፍር ትንሽ ፋቅ አድርጎ ከሥሩ ማየት ያስፈልጋል።

መጠኑን በተመለከተ፥ በብዙ አገር እንደ ወሰን የሚታየው በ1 ኪሎ ድንች ውስጥ 200 ሚሊግራም ነው፤ መልካም ድንች ግን ዘወትር ከ100 በታች ይኖረዋል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለ ሥልጣን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2020 ባወጣው ግምገማ፥ ለእያንዳንዱ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1 ሚሊግራም ያህል መርዝ ሲወሰድ ሕመም ሊታይ እንደሚችል ገልጿል። እስቲ በዚህ ሒሳብ እናስላው። 20 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን 20 ሚሊግራም ይበቃዋል ማለት ነው። በወሰኑ ላይ ካለው ድንች ያ የሚገኘው በ100 ግራም ውስጥ ነው፤ ይኸውም አንድ መካከለኛ ፍሬ ያህል ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ትልቅ ሰው ግን 300 ግራም መብላት ይኖርበታል። ሻጪቱ «በልተነዋል» ሲሉ እውነት መናገራቸው፥ ነገር ግን እርሳቸውን ያልነካው ልጃቸውን ሊነካ መቻሉ ከዚህ የተነሣ ነው።

ሕመሙ ማቅለሽለሽ፥ ማስመለስ፥ የሆድ ቍርጠትና ተቅማጥ ነው፤ ራስ ምታትና ትኵሳትም ሊከተሉ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ ከተበላ ከሰዓታት በኋላ ስለሚጀምር፥ ሰው ጥፋቱን በውሃው ወይም በወተቱ ያሳብባል እንጂ ድንቹን አይጠረጥርም። በሐኪሞች መጽሔት ላይ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1979 የታተመ አንድ ዘገባ ይህን በግልጥ ያሳያል። በለንደን ከተማ በአንድ የወንዶች ትምህርት ቤት 78 ተማሪዎች ምሳ ከበሉ በኋላ ታመሙ፤ ከእነርሱም 17ቱ ሐኪም ቤት ገቡ። ነገሩ ሲመረመር፥ የተቀቀለው ድንች ካለፈው የትምህርት ወቅት ተርፎ በጆንያ የቆየ ሆኖ ተገኘ። ተማሪዎቹ ሁሉ ድነዋል። ወጥ ቤቶቹ ግን ያንን ድንች የላጡትና የቀቀሉት እንደ ወትሮው መሆኑን ልብ ማለት ይገባል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም፤ በዘይት ቢጠበስም አብዛኛው ይቀራል። ከመርዙ የሚበልጠውን ክፍል የሚያስወግደው ቢላዋ ነው፤ ይኸውም ወፈር አድርጎ መላጥ፥ ዓይኑንም ከነሥሩ ጐድጕዶ ማውጣት ነው። እኛ አገር ደግሞ ድንች ከነልጣጩ መቀቀል የተለመደ ነው፤ በየመናኸሪያውም በዳጣና በሚጥሚጣ የሚሸጠው እንዲሁ ነው። ለጤናማ ድንች ይህ ነውር የለበትም። የሚያጠራጥር ከሆነ ግን ሳይቀቀል መላጥ፥ የተቀቀለበትንም ውሃ መድፋት ይገባል።

ወደ 3ቱ ኩንታል ልመለስ። እኔና ሁለት ሠራተኞች በቀን ብርሃን ተቀምጠን 300ውን ኪሎ በሦስት ለየነው። አንደኛው ክምር አረንጓዴም ቡቃያም የሌለበት ነበር፤ 214 ኪሎ ሆነ። ሁለተኛው ጠንካራ ሆኖ በአንድ በኩል ብቻ ሳንቲም የሚያህል አረንጓዴ ነጥብ ያለበት፥ ወይም ከጥፍር ያልበለጠ ቡቃያ ብቅ ያለበት ነበር፤ 38 ኪሎ ሆነ። ሦስተኛው 48 ኪሎ ነበር። በእርሱ ውስጥ የገባው ገጹ በብዛት አረንጓዴ የሆነው፥ አረንጓዴው ከቆዳው አልፎ ወደ ሥጋው የዘለቀው፥ ቡቃያው የረዘመው፥ እንዲሁም በእጅ ሲጨበጥ ለስልሶ ቆዳው የተጨማደደው ሁሉ ነው። መጨማደዱ የሚያሳየው ድንቹ ውሃውንና ስንቁን ለቡቃያው መስጠቱን ነው፤ እንዲህ ያለውን መላጥ አያድነውም።

ሁለተኛውን ክምር ለደንበኛ አላቀረብነውም። ቡቃያውንና አረንጓዴውን ከሥሩ ከነበረው ነጭ ሥጋ ጥቂት ጨምረን ስንቈርጥ 31 ኪሎ ተረፈ፤ ይህም ለቤቱ ሠራተኞች አልጫ ሆነ። መጀመሪያ ከየድስቱ አንድ ቍራጭ እየተቀመሰ ነበር። ምላስን የመረረ ወይም ጕሮሮን ያቃጠለ ድንች፥ መልኩ ምንም ያህል ቢያምር፥ ድስቱ እንዳለ ይደፋል። ቅመም ምሬቱን ይሸፍናልና ቅመሳው ከበርበሬው በፊት መሆን አለበት። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር ሴቶች ከሁለተኛው ክምርም ባይሰጥ ይሻላል።

ሒሳቡ ግን መራራ ነበር። ኪሎውን በ20 ብር ስለ ገዛነው ጠቅላላው 6,000 ብር ወጥቷል። ለሽያጭ የቀረው 214 ኪሎ ብቻ በመሆኑ፥ ኪሎው ያለ አንዳች ትርፍ 28 ብር ሆነብን። ባለቤቱ እርሳሱን አስቀምጠው ጥቂት ዝም አሉና፥ «48ቱን ኪሎ ለከብት አርቢ ብንሸጠውስ?» ብለው ጠየቁ። ይህም አይሆንም፤ አረንጓዴ ድንችና ቡቃያው ከብትንም በግንም ይመርዛል። «ታዲያ ለዘር?» አሉ። ይህ መልካም ሐሳብ ነበር፤ ነገር ግን ከመብል ጋር ተቀላቅሎ በጆንያ ስለ ተፋተገ ብዙው ቡቃያ ተሰብሮ ነበር። ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ የማይታወቅ ዘር ደግሞ ተክሉን የሚያጠወልገውን የባክቴሪያ በሽታ ወደ ደኅና መሬት ሊያስገባ ይችላል። ሌላም ፍርሃት ነበረብኝ፤ የዘር ድንች የተባይ መድኃኒት ተነስንሶበት ሊሆን ስለሚችል፥ ይህ የተደረገበት ከሆነ አረንጓዴ ባይሆንም ለምግብ አይነካም። በመጨረሻ እንስሳ በማይደርስበት ስፍራ ጕድጓድ ተቈፍሮ ተቀበረ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን በአገዛዙ ላይ ጥቂት ለውጥ አድርጓል። በተለይ የተከላ ወቅት ሲያልቅ ማንኛውም ጆንያ ዋጋ ከመነገሩ በፊት በሻራ ላይ ይገለበጣል፤ የአፉን ብቻ አይቶ መግዛት ቀርቷል። የገዛነውም ቢሆን በእኛው እጅ አረንጓዴ ሊሆን ይችላል። ድንች በሱቅ በረንዳ ላይ በፀሐይ ቢዘረጋ በጥቂት ቀኖች ውስጥ መልኩን መለወጥ ይጀምራል፤ የኤሌክትሪክ መብራት ሌሊቱን ሁሉ ቢበራበትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ለማሳየት ጥቂት ፍሬ ብቻ እናወጣለን፤ የቀረው በጨለማ፥ በቀዝቃዛና ነፋስ በሚያገኝ ክፍል ከመሬት ከፍ ብሎ በተሠራ እንጨት ላይ ይቀመጣል። ላስቲክ አናለብሰውም፤ ላቡ ያበሰብሰዋልና። ከገበሬዎቹም ጋር ስንነጋገር፥ ዝናብ አፈሩን ሲያጥበው ከመደቡ ላይ ራሱን ያወጣው ድንች ገና በማሳው ሳለ አረንጓዴ እንደሚሆን፥ አፈር ማልበስም ይህን እንደሚከላከል ነግረውናል።

ሴትዮዋ ዛሬም ደንበኛችን ናቸው። ከዘር የተረፋቸውን ለብቻው በአነስተኛ ጆንያ አስረው፥ አፉንም በቀይ ክር ቋጥረው ያመጡታል፤ እኛም ዘር ፈልጎ ለሚመጣ ገበሬ ከየት ማሳ እንደ ወጣ እየነገርን በዘር ዋጋ እንሸጥላቸዋለን።