ጠፋ ወይስ ተፋ? በላቲን ፊደል የመጣ አማርኛ

እንበል አንዲት እናት፣ ትኩሳት የያዘው ልጇን አቅፋ፣ ነርስ ለሆነችው ጎረቤቷ በአንድ እጇ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "medhanitu tefa ahun mn ladrg"። ነርሷ መልእክቱን በሁለት መንገድ ልታነበው ትችላለች። አንደኛው "መድኃኒቱ ጠፋ" ነው፤ ጠርሙሱ ከቤት ውስጥ አልተገኘም ማለት ነው። ሁለተኛው "መድኃኒቱን ተፋ" ነው፤ ልጁ ከአፉ መለሰው ማለት ነው። ሁለቱን የሚለየው በቸኮለ እጅ የምትዘለል አንዲት "n" ብቻ ናት። የመጀመሪያው ከሆነ መልሱ "ሌላ ግዢ" ነው። ሁለተኛው ከሆነ ግን ነርሷ ከስንት ደቂቃ በኋላ እንደተፋው፣ ምን ያህሉ እንደወጣ ሳትጠይቅ "ድገሚለት" ማለት አትችልም፤ ግማሹ ሆዱ ገብቶ ሊሆን ይችላልና። ነርሷ "ጠፋ" ብላ አንብባ "ሌላ ገዝተሽ ስጪው" ካለች ልጁ በአንድ ማታ ከሚገባው በላይ ሊወስድ ነው።

በግዕዝ ፊደል ቢጻፍ ኖሮ ይህ ጥያቄ አይነሳም ነበር። ላቲን ለጠ፣ ለቀ፣ ለጨ፣ ለጸ እና ለጰ የራሱ ፊደል የለውም። ስለዚህ ብዙ ሰው ጠንም ተንም በ"t"፣ ቀንም ከንም በ"k" ይጽፋቸዋል። አናባቢው ደግሞ ይብሳል። አንዷ "e" የግዕዙንም የኃምሱንም፣ አንዳንዴ የሳድሱንም ሥራ ትሠራለች። "sera ale" ብሎ የጻፈላችሁ ዘመድ ሥራ አለ ሊል ይችላል፤ ሴራ አለ ሊልም ይችላል። ለሠርግ የምትመጣ አክስት "tela yizesh ney" ቢደርሳት ዝናብ ፈርተው ጥላ አምጪ ያሏት ይሁን ወይስ ጠላ ጎድሏቸው እንደሆነ የምታውቀው ከወሩ ነው። መስከረም ላይ ከሆነ እሱም አይረዳትም።

ለእውነቱ ላቲኑ የሚበልጥበት አንድ ቦታም አለ። ጥብቅ ድምፅን የግዕዝ ፊደል አያሳይም፤ የጌታ ልደት ገናና "ገና አልመጣም" የምንለው ገና በጽሑፍ አንድ ናቸው። በላቲን ግን በዓሉን "genna" ሌላውን "gena" ብሎ መለየት ይቻላል። ሲቸኩል ይህን የሚያደርግ ሰው ግን እምብዛም አይታይም።

ወደ ነርሷ እንመለስ። መልስ ከመጻፏ በፊት መልእክቱ ስለ ላኪዋ ስልክ ምን እንደሚነግራት ማየት አለባት። በላቲን የሚጽፍ ሰው ሁሉ የአማርኛ ኪቦርድ የለውም ማለት አይደለም። ምልክቱን የሚያየው ትንንሽ ነገሮችን ነው።

የመጀመሪያው ምልክት ስልኩ ራሱ ያረመው ቃል ነው። በአማርኛው ዐረፍተ ነገር መሃል ትርጉም የማይሰጥ የእንግሊዝኛ ቃል ድንገት ከገባ፣ ለምሳሌ "ena" መሆን የነበረበት "end" ሆኖ ከመጣ፣ የተከፈተው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው፤ የቃል ማረሚያውም በርቷል። ይህ ሰው ስልኩ አማርኛ ይችል እንደሆነ ምናልባት ፈልጎም አያውቅም። በዚህ ዓይነት መልእክት ውስጥ ያልገባችሁን ቃል ስታነቡ ፊደሉን ሳይሆን ድምፁን ተከተሉ፤ ስልኩ የለወጠው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ብዙም አይርቅም።

ሁለተኛው ምልክት በቃል መሃል የገባ ትልቅ ፊደል ነው። "meTahu"፣ "Tena" ብሎ የሚጽፍ ሰው በስልክ ላይ ትልቁን ፊደል ለማግኘት ተጨማሪ ቁልፍ ተጭኗል፤ ያለ ምክንያት ይህን የሚያደርግ የለም። እጁ የለመደው የኮምፒውተር አማርኛ አጻጻፍ ነው። በእነዚያ ፕሮግራሞች ላይ ትንሿ "t" ተን፣ ትልቋ "T" ጠን፣ ትንሿ "c" ቸን፣ ትልቋ "C" ጨን ታወጣለች። የአጻጻፉ ሥርዓት ሰራ (SERA) በሚል ስም በኢንተርኔት መጀመሪያ ዘመን የተዘጋጀ ነው፤ ዛሬም ብዙ የአማርኛ ኪቦርዶች የእሱን ጠባይ ይዘዋል። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ፊደሉን ያውቃል፤ ያነባልም። ምናልባት ያ ኪቦርድ ያለው ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ነው እንጂ ስልኩ ላይ አይደለም። እኛን የሚጠቅመን ደግሞ "Tefa" ከጻፈ ጠፋ፣ "tefa" ከጻፈ ተፋ ማለቱ መሆኑ ነው። ነገር ግን ትልቁ ፊደል በዐረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ከመጣ ስልኩ በራሱ ያስገባው ሊሆን ስለሚችል አትመኑበት።

ሦስተኛው ምልክት "x" ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚያስደስተው ይህ ነው። በሰራ አጻጻፍ "x" ሸ ናት፤ "exi" እሺ ይሆናል። በቁቤ ያደገ ሰው ዘንድ ግን "x" ጠ ናት፣ "c" ደግሞ ጨ ናት። ስለዚህ "xiru new" ብሎ የጻፈላችሁ ጓደኛ ጥሩ ነው እያለ ነው፤ አፋን ኦሮሞ በትምህርት ቤት የተማረበት ፊደል ነው እጁ ላይ ያለው። እሱ "xefa" ካለ ጠፋ እንጂ ተፋ ሊሆን አይችልም። ቁቤ ይህን ልዩነት ከአብዛኛው የላቲን አማርኛ የተሻለ ይጠብቃል። አንድ "x" ብቻ አይታችሁ ግን አትወስኑ፤ በዚያው መልእክት ውስጥ ሸ በ"sh" ከተጻፈች "x" ጠ መሆኗን ታረጋግጣላችሁ።

አራተኛው አሳሳች ምልክት ነው። ዓመት በዓል ሲደርስ ከላቲን ጸሐፊው ዘመዳችሁ በሚያምር አማርኛ የተጻፈ ረጅም የመልካም ምኞት መልእክት ይመጣል። ያ መልእክት ከሌላ ተቀብሎ ያስተላለፈው ነው፤ ኪቦርድ እንዳለው አያሳይም። የሚያሳየው ሌላ ጠቃሚ ነገር ነው፤ ስልኩ ፊደሉን በትክክል ያሳያል ማለት ነው።

መልስ በየትኛው ፊደል ይሰጥ ለሚለው ጥያቄ ዋናው ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። መጻፍ መቻል አንድ ነገር ነው፣ ስልኩ ማሳየት መቻሉ ሌላ ነው፣ ሰውየው ማንበብ መቻሉ ደግሞ ሦስተኛ ነው። በላቲን የመጣ መልእክት የሚነግራችሁ ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው፤ እሱንም በከፊል።

ስልኩ ማሳየት አለመቻሉ ሁለት መልክ አለው፤ ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። አንድ ሰው "ባዶ ሳጥን ሳጥን መጣብኝ" ካላችሁ መልእክታችሁ በትክክል ደርሷል፤ የሌለው ስልኩ ላይ የግዕዝ ፊደል ቅርጽ ነው። ያረጁ ስልኮች ላይ የሚታየው ይህ ነው፤ መልእክቱን ወደ ሌላ ስልክ ቢያስተላልፈው ይነበባል። "የጥያቄ ምልክት ብቻ መጣብኝ" ካላችሁ ግን ፊደሉ መንገድ ላይ ጠፍቷል፤ ያሳለፈው አንድ ሲስተም የግዕዝ ፊደልን አያውቅም። ያንን መልእክት ወደየትም ቢልኩት አይመለስም፤ እንደገና መጻፍ አለበት።

ዋጋም አለ። በኢንተርኔት ለሚልክ ሰው ፊደሉ ልዩነት የለውም። በተራ የስልክ አጭር መልእክት ግን ላቲን ብቻ የሆነ አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ የግዕዝ ፊደል ሲገባበት ግን የሚይዘው 70 ብቻ ነው። አንዲት የግዕዝ ፊደል ብትገባ እንኳ መልእክቱ ሙሉ በሙሉ በ70 ይቆጠራል። በርግጥ የእኛ ፊደል አናባቢውን ከተነባቢው ጋር ይዞ ስለሚሄድ ያጥራል፤ "እንደምን አደርሽ" ከክፍተቱ ጋር 10 ሲሆን "endemin adersh" 14 ነው። በዚህ ሂሳብ 100 ፊደል የሆነ የግዕዝ መልእክት በላቲን ወደ 140 ገደማ ይሆናል። በላቲን በአንድ መልእክት ያልቃል፤ በግዕዝ ግን የሁለት ዋጋ ይጠይቃል። ብር እየቆጠረ የሚጽፍ ዘመድ በላቲን ቢጽፍ ቋንቋውን ንቆ አይደለም።

እንግዲህ እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። ጉዳዩ ሰላምታና ወሬ ከሆነ በመጣልኝ ፊደል እመልሳለሁ። በላቲን የጻፈ ላቲን ማንበብ ይችላል፤ ከዚያ ሌላ በእርግጠኝነት የማውቀው የለም። በዕድሜ ከሚበልጡኝም ሰው በላቲን ከመጣ በላቲን እመልሳለሁ፤ "እርስዎ"ው በማንኛውም ፊደል "irswo" ሆኖ ይነበባል። ቀጣይ ግንኙነት ካለን ደግሞ አንድ ጊዜ እጠይቃለሁ፤ ጥያቄውን ራሱን በላቲን፦ "be amarigna fidel bitsif yinebebal?"። አዎ ካሉኝ ከዚያ በኋላ በፊደላችን ነው።

መድኃኒት፣ ገንዘብ፣ አድራሻ ወይም ቀጠሮ ከሆነ ግን ሁለቱንም እጽፋለሁ፤ ከላይ በግዕዝ ፊደል፣ ከሥር በላቲን። በላቲኑ መስመር ላይ ደግሞ መንታ የሌለው ቃል እመርጣለሁ። ነርሷም ማድረግ ያለባት ይህን ነው። "tefa sitiy min malet new" ብላ ብትጠይቅ እናትየዋ ደግማ "tefa" ልትላት ትችላለች። ይልቅ እንዲህ ትጻፍ፦ "መድኃኒቱ አልተገኘም ወይስ ልጁ አስመለሰው?" ከሥሩም "medhanitu altegegnem weys liju asmelesew?"። "አልተገኘም" እና "አስመለሰው" በላቲን ሲጻፉ አይምታቱም። በሁለት ደቂቃ ውስጥ መልስ ካልመጣ ደግሞ መደወል ነው። ለቀጠሮም እንደዚሁ "be 3 seat" የሚል መልእክት በተለይ ከውጭ ሀገር ከመጣ የኛ ሦስት ሰዓት ይሁን የፈረንጅ አይታወቅምና "ጠዋት" ወይም "ከሰዓት በኋላ" ብሎ መጨመር ይገባል።

በውጭ ሀገር የተወለዱ ልጆች የተለዩ ናቸው። ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያደገ የልጅ ልጅ ለአያቱ "indayt nesh emaye" ብሎ ሲጽፍ "ay" የምትለዋን እዩልኝ። "እንዴት"ን በጆሮው ሰምቶ በእንግሊዝኛ ልማድ ጽፎታል። ፊደል የቆጠረ ሰው አብዛኛውን ጊዜ "endet" ነው የሚለው። ይህ ልጅ ኪቦርድ ቢጫንለትም ዛሬ አይጠቅመውም፤ ያልተማረው ፊደሉን ነው። አያት በፊደል ብቻ ብትመልስለት ለእናቱ ወስዶ "ምን ትላለች?" ማለቱ አይቀርም፤ ከእናቱ ሊደብቀው የፈለገው ነገር ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አይጠይቅም። ስለዚህ አያት ለዚህ ልጅ በድምፅ መልእክት ትመልስለት፤ ከድምፁ ሥር አንድ አጭር መስመር በሁለቱም ፊደል ብትጨምርለት ደግሞ "ደህና ነኝ ልጄ፣ dehna negn lije" የሚለውን እያየ ፊደሉን ከድምፁ ጋር ማዛመድ ይጀምራል።