ስልክ የቴሌቪዥን ሪሞት ሲሆን ምን ዐይነት መረብ ይፈልጋል?

የቴሌቪዥን ሪሞት ሲጠፋ ወይም ወድቆ ሲሰበር «ስልክህ ላይ አፕ ጫንና ተገላገል» የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ምክሩ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ጐዶሎ ነው። ብዙ ሰው አፑን ከጫነ በኋላ ስልኩ ምንም ቴሌቪዥን አለማግኘቱን ሲያይ ያንን ይደመስስና ሌላ ይጭናል፤ ሁለተኛውም ያንኑ መልስ ይሰጠዋል። ይህ የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ አፑ መጥፎ ስለ ሆነ ሳይሆን፣ ስልኩና ቴሌቪዥኑ የሚነጋገሩበት መንገድ ስላልተዘረጋ ነው።

የተለመደው ሪሞት መረብ የሚባል ነገር አያውቅም። ቍልፉ ሲነካ በአፍንጫው ላይ ያለችው ትንሽ አምፖል በዐይን የማይታይ ኢንፍራሬድ የሚባል ብርሃን ታርገበግባለች፤ ቴሌቪዥኑም ያንን ያነባል። አንዳንድ ስልኮች፣ በተለይ ሻኦሚ ከሚሠራቸው ብዙዎቹ፣ ይህችው አምፖል በራሳቸው ላይ ተተክላባቸዋለች። እንዲህ ያለ ስልክ ያለው ሰው ዋይፋይም ዳታም ሳያስፈልገው የድሮውንም የአዲሱንም ቴሌቪዥን ሊያዝ ይችላል። አምፖሏ የሌለችበት ስልክ ላይ ግን የኢንፍራሬድ አፕ መጫን ከንቱ ድካም ነው፤ አፑ ቍልፎቹን በሥዕል ያሳያል እንጂ የሚወጣ ብርሃን የለም። አንባቢ ለመለየት ቢፈልግ፣ ቍልፉን እየነካ የስልኩን ጫፍ በሌላ ስልክ ካሜራ ይመልከት። አምፖሏ ካለችና ከሠራች በብዙ ካሜራዎች ላይ ነጣ ወይም ወይን ጠጅ ያለች ነጥብ ስትበራ ትታያለች። በነገራችን ላይ፣ የሞተ የመሰለ ሪሞት በእርግጥ መሞቱን ወይም ባትሪው ብቻ ማለቁን ለማወቅም ይኸው ዘዴ ያገለግላል።

አምፖል የሌለው ስልክ፣ ማለትም አብዛኛው ስልክ፣ ቴሌቪዥንን የሚያዘው በመረብ በኩል ነው። ስለዚህ ቴሌቪዥኑ ራሱ ስማርት የሚባለው፣ ከዋይፋይ ጋር የሚገናኘው ዐይነት መሆን አለበት። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ መረብ ሲባል ኢንተርኔት ይመስለዋል። የቤት ዋይፋይ እንደ አንድ ግቢ ነው ብንል እንቀርባለን። ራውተሩ ግቢውን ያጥራል፤ ኢንተርኔት ደግሞ ከግቢው በር ውጭ ያለው ጐዳና ነው። ከሳሎን ወደ ማድ ቤት ለመጣራት ወደ ጐዳና መውጣት እንደማያስፈልግ ሁሉ፣ ስልክ ለቴሌቪዥን «ድምፅ ጨምር» ብሎ ለማዘዝ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። የኢንተርኔቱ ሒሳብ ያለቀበት ራውተር እንኳ እስከ በራ ድረስ ግቢው ግቢ ነው፤ ሪሞቱም ይሠራል። በተቃራኒው ቴሌቪዥኑ በዋይፋይ፣ ስልኩ በሞባይል ዳታ ቢሆኑ፣ ሁለቱም ኢንተርኔት ቢኖራቸውም በሁለት የተለያየ ግቢ ስላሉ አይሰማሙም። ቴሌቪዥኑ በሽቦ፣ ስልኩ በዋይፋይ ሆነው ከአንዱ ራውተር ከተያያዙ ግን ግቢው አንድ ስለ ሆነ ችግር የለም። አንድ ራውተር ሁለት ስም ሲያወጣም፣ አንዱ ባለ 2.4 ሌላው ባለ 5 ጊጋኸርዝ ሆኖ፣ ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ስሞች የአንዱ ግቢ ሁለት በሮች ናቸው።

ሁለቱ በአንድ ግቢ ሲሆኑ ነገሩ እንዲህ ይሄዳል። አንድሮይድ የሚባለውን ሥርዐት የያዘ ቴሌቪዥን እንውሰድ። ለዚህ የሚጫነው አፕ `Google TV` ይባላል፤ በውስጡ የሪሞት ሥዕል ያለበት ቍልፍ አለ። ያ ሲነካ ስልኩ በግቢው ውስጥ ላሉት ሁሉ «ቴሌቪዥን የሆነ አለ ወይ?» የሚል ጥሪ ያሰማል፤ ቴሌቪዥኑም ስሙንና አድራሻውን ይመልሳል። ስሙ በስልኩ ላይ ሲመረጥ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ባለ ስድስት ምልክት ኮድ ይወጣል። ኮዱን በስልክ ላይ መጻፍ ማለት «ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነኝ፣ ጐረቤት አይደለሁም» ብሎ ማስመስከር ነው። ይህ አንድ ጊዜ ከተፈጸመ ቴሌቪዥኑ ስልኩን ያውቀዋል፤ ሁለተኛ ኮድ አይጠይቅም። ሳምሰንግ `SmartThings`፣ ኤልጂ `LG ThinQ` የሚባል የየራሳቸው አፕ አላቸው፤ አካሄዱ ይመሳሰላል።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ጉዳይ እንምጣ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ ተዛወረ እንበል። ቴሌቪዥኑን ጭኖ ወሰደ፤ ሪሞቱ ግን በጓዝ መካከል ጠፋ። ቴሌቪዥኑ የሚያውቀው የአዲስ አበባውን ቤት ዋይፋይ ብቻ ነው። በአዲሱ ቤት ያለውን ዋይፋይ ለመምረጥ ሪሞት ያስፈልጋል፤ ስልኩን ሪሞት ለማድረግ ደግሞ ቴሌቪዥኑ በቅድሚያ ዋይፋይ ውስጥ መግባት አለበት። ቍልፉ ውስጥ ቀርቶ በሩ እንደ ተዘጋ ቤት ማለት ነው።

መውጫው ቴሌቪዥኑን በሚያውቀው ስም መጥራት ነው። ቴሌቪዥን አንድን ዋይፋይ የሚለየው በስሙና በይለፍ ቃሉ እንጂ ራውተሩ በየት ከተማ እንዳለ አይመረምርም። ስለዚህ ሰውየው ሁለት ስልክ ያዘጋጃል፤ አንዱን ከጓደኛ ቢዋስም ይሆናል። ሪሞት በሚሆነው ስልክ ላይ አፑን አስቀድሞ ይጭናል፤ ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ለዚህ ብቻ ነው። ከዚያ በሌላው ስልክ ሆትስፖት ይከፍትና ስሙን እንደ አዲስ አበባው ዋይፋይ ስም፣ የይለፍ ቃሉንም እንዲሁ ያደርገዋል። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል፣ በመካከል ያለው ባዶ ቦታም ሳይቀር ልክ እንደ ቀድሞው መሆን አለበት። የድሮው ዋይፋይ `Selam Home` ከነበረ `selam home` ለቴሌቪዥኑ የማያውቀው እንግዳ ነው። የይለፍ ቃሉን የረሳ ሰው ቀድሞ ከዚያ ዋይፋይ ጋር የተገናኘ ስልክ ካለው፣ በአዳዲሶቹ አንድሮይድ ስልኮች በተቀመጡት ዋይፋዮች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ ሊያየው ይችላል።

ሁለት ነገር ደግሞ መጠንቀቅ ይገባል። ርካሽ የሆኑ ብዙ ቴሌቪዥኖች 2.4 ጊጋኸርዙን ብቻ ስለሚሰሙ ሆትስፖቱን በዚያው ላይ ማድረግ ይሻላል። የጥበቃውም ዐይነት `WPA2` ይሁን፤ አዲሱን `WPA3` የማያውቅ ቴሌቪዥን ስሙን እያየ ከመግባት ይቀራል።

ከዚህ በኋላ ቴሌቪዥኑን በገዛ ራሱ ቍልፍ ማብራት ነው። ቍልፉ በብዙዎቹ ላይ በታችኛው ጠርዝ መካከል ወይም ከኋላ በኩል ስለሚደበቅ በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል። አንድ ሁለት ደቂቃ ሲቈይ ሆትስፖቱን የከፈተው ስልክ «አንድ ዕቃ ተገናኝቷል» ብሎ ይቈጥራል። ቴሌቪዥኑ በወጥመዱ መግባቱ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ቍጥሩ ዜሮ ሆኖ ከቀረ ስሙን ወይም ቃሉን እንደገና መመርመር ነው። ከዚያም ሁለተኛው ስልክ በዚያው ሆትስፖት ይገባል፤ አፑ ይከፈታል፤ ኮዱ ይጻፋል።

ሆትስፖቱን የከፈተውን ስልክ ራሱን ሪሞት ማድረግ አይቻልም ወይ? የሚል ይኖራል። በአንዳንድ ስልክ ይሆናል፤ በብዙው ግን አፑ ስልኩ በዋይፋይ ውስጥ እንደ ገባ ስለማይቈጥር ፍለጋውን አይጀምርም። ሁለት ስልክ መያዙ ከመነታረክ ያድናል። የሞባይል ዳታውንም መዝጋት ይቻላል፤ የድምፅ መጨመርና መቀነስ ከግቢው ስለማይወጣ ሒሳብ አይቈርጥም። ዳታው ሲዘጋ ግን ሁለተኛው ስልክ «ይህ ዋይፋይ ኢንተርኔት የለውም» ብሎ በራሱ ፈቃድ ወደ ሞባይል ዳታ ሊያፈገፍግ ይሞክራል። ልቈይ ወይስ ልውጣ ብሎ ሲጠይቅ እንዲቈይ መንገር ነው። በስልኩ ላይ ቪፒኤን ካለም ለጊዜው ይዘጋ፤ ጥሪውን ሁሉ ወደ ጐዳና እየመራ ግቢውን ያስረሳዋል። አይፎን የያዘ ደግሞ አፑ `Local Network` ሲል የሚጠይቀውን ፈቃድ ሳያስበው ከከለከለ፣ ሌላው ሁሉ ተሟልቶ ሳለ ቴሌቪዥኑ አይታየውም።

ሠራተኛው አሁን በስልኩ ወደ ቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ይገባና የሐዋሳውን ዋይፋይ ይመርጣል፤ የይለፍ ቃሉንም በስልኩ ፊደል መምቻ ይጽፋል። ቴሌቪዥኑ እንደ ተሻገረ ግን ሪሞቱ ወዲያው ይደነዝዛል። ብዙ ሰው በዚህ ሰዓት ይደነግጣል፤ የተበላሸ ነገር ግን የለም፤ ቴሌቪዥኑ ወደ አዲሱ ግቢ ገብቶ ስልኩ በአሮጌው ቀርቷል። ስልኩም ወደ ሐዋሳው ዋይፋይ ሲገባ ቴሌቪዥኑን ያገኘዋል።

የድሮው ስም ወይም ቃል ፈጽሞ የማይገኝ ከሆነ አንድ ቀላል መድኀኒት አለ። በአንድሮይድ ቴሌቪዥን ጀርባ ባለው የዩኤስቢ ቀዳዳ የኮምፒዩተር ማውስ ይሰካል። ቀስት በመስኮቱ ላይ ይወጣና በእርሱ እየመሩ ወደ ዋይፋዩ መድረስ ይቻላል።

በተማሪዎች ማደሪያ፣ በሆቴልና በመሥሪያ ቤት ያለው ዋይፋይ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። ስልኩም ቴሌቪዥኑም ባንዱ ስም ገብተው፣ ሁለቱም ኢንተርኔት አግኝተው አይተያዩም። ምክንያቱ የዋይፋዩ ባለቤት አንዱ እንግዳ የሌላውን ዕቃ እንዳይነካ በመካከላቸው ግድግዳ ስላቆመ ነው። ግቢው አንድ ሆኖ እያንዳንዱ ክፍል ተቈልፏል፤ መውጫው ወደ ጐዳናው ብቻ ነው። ጥበቃው የሚነቀፍ አይደለም፤ ያለ እርሱ የመኝታ ቤቱ ተማሪ ሁሉ በጐረቤቱ ቴሌቪዥን ይቀልድ ነበር። እዚህ ላይ አፕ መለዋወጥ አይረዳም። ከላይ እንደ ተባለው በአንድ ስልክ የራስን ትንሽ ሆትስፖት መክፈትና ቴሌቪዥኑንም ሪሞቱንም እዚያ ማስገባት ነው። ቴሌቪዥኑ ፊልም ከኢንተርኔት የሚያሳይ ከሆነ ግን ያ ከዚያው ስልክ ዳታ ይበላል፤ የማይበላው ትእዛዙ ብቻ ነው።

ስልኩ ሪሞቱን በሙሉ የማይተካበት አንድ ቦታ ይቀራል፤ እርሱም ማብራት ነው። ማጥፋት ሁልጊዜ ይቻላል፤ ቴሌቪዥኑ ነቅቶ ስለሚሰማ ነው። ከጠፋ በኋላ ግን አንዳንዱ ቴሌቪዥን ዋይፋዩን ነቅቶ እንዲጠብቅ ይተወዋል፤ ሌላው ኤሌክትሪክ ለመቈጠብ ሁሉንም ያስተኛል፤ የተኛውን ደግሞ በመረብ መቀስቀስ አይቻልም። በማስተካከያው ውስጥ በመረብ መቀስቀስን የሚፈቅድ ምርጫ ካለ ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለ ማብራት ይገባል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ራውተሩ ተነሥቶ ግቢውን እስኪያጥር ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ስልኩ ወደ ሞባይል ዳታ ሸሽቶ ይሆናል። ሪሞቱ አልሠራ ሲል በመጀመሪያ የሚታየው በስልኩ ራስ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት ነው፤ ከዚያ በኋላ የቴሌቪዥኑ የገዛ ቍልፍ።