የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይታደስ፣ የትኛው ይሰረዝ?

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2023 ጊዝሞዶ የተባለው የቴክኖሎጂ ድረ ገጽ አንድ ዜና ይዞ ወጣ። ስመ ጥሩው ሲኔት በሺዎች የሚቆጠሩ የቆዩ ጽሑፎቹን ከድረ ገጹ ላይ አንሥቷል የሚል ነበር። ምክንያቱ የጉግል ፍለጋ ነው። አሮጌው ሲቀነስ የቀረው ጽሑፍ በፍለጋ ውጤት ላይ ከፍ ብሎ ይታያል ተብሎ ታስቧል። ጉግል ግን በይፋ ምላሽ ሰጠ፤ አንድን ጽሑፍ ስላረጀ ብቻ መሰረዝ እንደማይጠቅምና ያረጀ ጽሑፍም ዛሬ ለአንባቢ ሊበጅ እንደሚችል ገለጸ።

የጦማር ባለቤት ጽሑፎቹ መቶ ሲደርሱ ይኸው ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ከመቶው ጥቂቱ ብዙ አንባቢ ያመጣል፣ ብዙው ግን ዝም ብሎ ተቀምጧል። ዝም ያለውን ሁሉ ጠርጎ ማውጣት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ችግሩ ዝም ያለ ጽሑፍ ሁሉ በአንድ ምክንያት ዝም አለማለቱ ነው። አንዱ ጊዜው አልፎበታል፣ ሌላው በሦስት ተመሳሳይ ጽሑፎች መካከል ተጨናንቋል፣ ሌላው ደግሞ ሰው የሚፈልገውን መልስ ሊሰጥ ትንሽ ቀርቶታል። ምርመራው የሚያስፈልገው እነዚህን ለመለየት ነው።

ለአብነት በአማርኛ ስለ ምግብ የሚጽፍ፣ ስድስት ዓመት የቆየና መቶ ጽሑፍ የያዘ ጦማር አለ እንበል። ከዚህ በታች ስለ እሱ የሚጠቀሱት ቁጥሮች አሠራሩን ለማሳየት የታሰቡ ናቸው፤ የሚነሡት ችግሮች ግን እንዲህ ባለ ጦማር ላይ በየዕለቱ የሚያጋጥሙ ናቸው።

ሥራው የሚጀምረው ለእያንዳንዱ ጽሑፍ አንድ መስመር በተመደበለት ሠንጠረዥ ነው። ዝርዝሩን ከጉግል ሰርች ኮንሶል ብቻ አውርዶ መጀመር የተለመደ ስሕተት ነው። ያ ሪፖርት የሚዘረዝረው በፍለጋ ውጤት ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ የታየን ገጽ ብቻ ነው። ጨርሶ ያልታየው፣ ማለትም ምርመራው ይበልጥ የሚያስፈልገው ጽሑፍ፣ ከዝርዝሩ ውጭ ይቀራል። ስለዚህ ሙሉው ዝርዝር ከራሱ ከጦማሩ ይወሰዳል። ጦማሩ በዎርድፕረስ የተሠራ ከሆነ ከአድራሻው ቀጥሎ `/wp-sitemap.xml` ብሎ መጻፍ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

እዚህ ላይ የአማርኛ ጦማሪ በላቲን ፊደል የሚጽፉ ጦማሪዎች የማያውቁት ችግር ይገጥመዋል። ርእሱ በፊደል የተጻፈ ጽሑፍ አድራሻው በሠንጠረዡ ላይ ሲወጣ አይነበብም። «ዶሮ ወጥ» የሚለው እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

```
/%E1%8B%B6%E1%88%AE-%E1%8B%88%E1%8C%A5/
```

እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይወስዳል። ዎርድፕረስ ደግሞ ለአንድ ጽሑፍ አድራሻ ከ200 ምልክት በላይ አይዝም። ስለዚህ ከሃያ ሁለት ፊደል በላይ የሆነ የአማርኛ ርእስ በአድራሻው ላይ መሐል ላይ ይቆረጣል። አጀማመራቸው አንድ የሆነ ሁለት ረጃጅም ርእሶች አድራሻቸው ተመሳስሎ የሁለተኛው መጨረሻ ላይ `-2` ሊጨመርበት ይችላል። ይህን የማያውቅ ሰው አንዱን የሌላው ቅጂ መስሎት ሊሰርዘው ይችላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በሠንጠረዡ ላይ ከአድራሻው ጎን የጽሑፉ ርእስ በአማርኛ ይጻፍ።

ቀጥሎ ቁጥሮች ይገባሉ። ሰርች ኮንሶል እስከ 16 ወር ወደ ኋላ ያሳያል፤ ሲከፈት የሚያሳየው ግን የሦስት ወሩን ስለሆነ ጊዜውን ማስረዘም ያስፈልጋል። በሦስት ወር ብቻ የተመዘነ የጾም ምግብ ጽሑፍ ጾሙ ከወሩ ውጭ ከሆነ የሞተ ይመስላል። ከዚያ የሚፈለጉት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ገጹ በፍለጋ ላይ ስንት ጊዜ ታየ፣ ስንት ጊዜ ተነካ፣ በአማካይ ስንተኛ ሆኖ ወጣ።

ይሁንና ሰርች ኮንሶል የሚያየው የጉግል ፍለጋን ብቻ ነው። የአገር ቤት አንባቢ ግን ከቴሌግራም ቻናልና ከፌስቡክም ሊመጣ ይችላል። በጉግል ዜሮ የሆነ ጽሑፍ በቴሌግራም እየተላለፈ ሲነበብ ሊኖር ይችላል። ይህን የሚያሳየው ጉግል አናሊቲክስ ነው፤ ከቴሌግራም የመጣው አንባቢም ብዙ ጊዜ «ቀጥታ የገባ» ተብሎ ስለሚመዘገብ ያ ረድፍ ሳይታይ መታለፍ የለበትም።

ቁጥሩ ከተሞላ በኋላ ማንበብ ይመጣል፤ ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ለአንድ ጽሑፍ አሥር ደቂቃ ቢመደብ መቶው ወደ አሥራ ሰባት ሰዓት ይፈጃል። ሁለት ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል። ጊዜው ብዙ ይመስላል፤ ግን ሳያነቡ መፍረድ የባሰ ያስከፍላል።

በምሳሌው ጦማር ላይ በጣም አትራፊ ሆኖ የሚገኘው ስለ እንጀራ የተጻፈ ገጽ ነው። በ16 ወር ውስጥ አራት ሺህ ጊዜ ታይቶ የተነካው ሃያ ጊዜ ብቻ ነው፤ አማካይ ቦታው 11ኛ ሲሆን ይህም የሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ነው። ባለቤቱ ቁጥሩን ብቻ ቢያይ ደካማ ብሎ ይጥለዋል። ሰዎች ምን ብለው ፈልገው እንደመጡ ሲታይ ግን ነገሩ ይገለጻል። አገሩን የሚለየው ማጣሪያ አብዛኞቹ ፈላጊዎች አሜሪካ እንዳሉ ያሳያል። ከሚጽፉት ውስጥም «እንጀራ ያለ ጤፍ» የሚል አለ፤ በላቲን ፊደል ደግሞ `injera without teff` የሚል አለ። ጽሑፉ ግን ጤፉ በእጅ እንዳለ፣ ቤቱም እንደ አዲስ አበባ ቤት እንደሆነ ቆጥሮ ነው የተጻፈው። ሊጡ በብርድ አገር ለምን ቶሎ እንደማይቦካ፣ ጤፍ ከሌላ ዱቄት ጋር ሲደባለቅ አብሲቱ እንዴት እንደሚሆን፣ በምጣድ ፋንታ መጥበሻ ሲሆን ዓይኑ ለምን እንደማይወጣ አንድም ቃል የለበትም። ይህን ገጽ ማደስ ማለት እነዚህን መልሶች መጨመር ነው። አዲስ ጽሑፍ አይጠይቅም፣ አድራሻውም አይቀየርም።

ከአራተኛ እስከ ሃያኛ ቦታ ባለው መካከል ያሉ ገጾች ቀድመው መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው። ፈላጊ አላቸው፤ የጎደላቸው መልሱ ነው። ሀብስፖት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳስታወቀው ከብሎጉ ወርሃዊ ንባብ 76 በመቶው የሚገኘው ከቀድሞ ጽሑፎች ነበር፤ የታደሱት ጽሑፎችም ከፍለጋ የሚያገኙት ንባብ በአማካይ 106 በመቶ አድጓል። ኩባንያው ከአንድ ተራ ጦማር እጅግ የሚበልጥ ክምችት ስለነበረው ቁጥሩ ለሁሉም አይሠራም። አሮጌው ክምችት ከአዲሱ ይልቅ ሊያፈራ እንደሚችል ግን ያሳያል። ቀኑን ብቻ ቀይሮ «ታድሷል» ማለት ግን እድሳት አይደለም፤ ጉግልም ይዘቱ ሳይለወጥ ቀን መቀየርን ከመጥፎ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይጠቅሰዋል።

ሁለተኛው ክምር መደጋገም ያለበት ነው። ጦማሩ ስለ ሽሮ አሠራር ሦስት ጽሑፎች አሉት እንበል፤ አንዱ ስለ ሚጥን፣ አንዱ ስለ ተጋቢኖ፣ አንዱ ደግሞ ከሁለቱም የተቀዳ። በሰርች ኮንሶል «ሽሮ አሠራር» የሚለውን ፍለጋ መርጦ ገጾቹን ሲያዩ ሦስቱም ቦታ እየተቀያየሩ ይወጣሉ፤ አንዱም አይደላደልም። እዚህ ላይ በቁጥር የተሻለው ይመረጥና የሌሎቹ ጥሩ ጥሩ አንቀጽ ወደ እሱ ይገባል። የተጋቢኖው ግን አሠራሩ ራሱን የቻለ ስለሆነ ብቻውን ይቆይ። የሚጠፋው ከሁለቱ የተቀዳው ብቻ ነው።

ሲጠፋም አድራሻው ባዶ አይተውም። 301 በተባለው የማዛወሪያ ትእዛዝ ወደ ተመረጠው ጽሑፍ ይመራል፤ ጉግል ይህ ማዛወሪያ ቢያንስ ለአንድ ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት የተሰረዘውን ሁሉ ወደ ጦማሩ የፊት ገጽ ማዛወር ነው። ስለ ሽሮ የመጣ አንባቢ የፊት ገጽ ላይ ሲወድቅ ግራ ይጋባል፤ ጉግልም እንዲህ ያለውን ማዛወሪያ እንደሌለ ገጽ ሊቆጥረው ይችላል። የሚመራበት ተዛማጅ ጽሑፍ ከሌለ ገጹ እንደሌለ በቀጥታ መናገር፣ ማለትም 404 ወይም 410 መመለስ፣ ይሻላል። በሌሎቹ ጽሑፎች ውስጥ ወደ ተሰረዘው የሚወስዱ ሊንኮችም መታረም አለባቸው። ከሁሉ በፊት ደግሞ የጦማሩ ሙሉ ቅጂ ይቀመጥ።

በእርግጥ መሰረዝ የሚገባቸው ከሚጠበቀው ያንሳሉ። ያለፈ ባዛር ማስታወቂያ፣ «ድረ ገጻችን ተሻሽሏል» የሚል አጭር ጽሑፍ፣ ከሌላ ቦታ ተገልብጦ የተለጠፈ ዝርዝር፤ እነዚህን ማንም አይናፍቃቸውም።

የሚያስቸግረው በመካከል ያለው ነው። ጦማሩ ከስድስት ዓመት በፊት «በፒያሳ ጥሩ ማኪያቶ የሚገኝባቸው ቤቶች» የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ነበር እንበል። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ምክንያት የፒያሳ ብዙ ክፍል ፈርሷል። ጽሑፉ እንደ መመሪያ ከእንግዲህ ያሳስታል፤ አንባቢ ይዞት ቢሄድ ቤቱን ላያገኘው ይችላል። ይሁንና ያ ዝርዝር የት ቤት በየትኛው ጥግ እንደነበረ፣ ምን ይሸጥ እንደነበረና ዋጋው ስንት እንደነበር በጊዜው የተጻፈ ማስረጃ ሆኗል። እንዲህ ያለውን መሰረዝ ጥፋት ነው። ማደስም አይቻልም፣ የፈረሰ ቤት አይታደስምና። የሚሻለው ከላይ አንድ አንቀጽ ጨምሮ ጽሑፉ መቼ እንደተጻፈና ከዚያ ወዲህ የተለወጠውን መናገር፣ ርእሱ ላይ ዓመቱን ማስገባት፣ ዋናውን ጽሑፍ ግን ሳይነኩ መተው ነው። ይህን የሚወስነው የአንባቢ ቁጥር አይደለም፤ በ16 ወር ውስጥ ሦስት ሰው ብቻ ቢያነበውም ፍርዱ ያው ነው።

ሥራው አልቆ ውጤቱ ሲመዘን የምግብ ጦማር የሚሳሳትበት አንድ ቦታ አለ። ለውጥ በፍለጋ ላይ ለመታየት ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል፤ ስለዚህ ማወዳደሪያው ያለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ይሆናል። የአብይ ጾም ግን በየዓመቱ በአንድ ቀን አይገባም። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት 2፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የካቲት 17 ነበር የገባው፤ አሥራ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ማለት ነው። የካቲትን ከየካቲት ጋር የሚያወዳድር ሰው የጾም ምግብ ገጾቹ በድንገት ሲነበቡ ያይና እድሳቱ የሠራ ይመስለዋል፤ ሰው የመጣው ግን ጾሙ ስለገባ ነው። ስለዚህ የጾም ምግብ ገጾች የሚወዳደሩት ጾሙ ከገባበት ቀን ጀምሮ በሳምንት እየተቆጠሩ፣ የአንዱ ዓመት ሦስተኛ ሳምንት ከሌላው ሦስተኛ ሳምንት ጋር ነው። የእንጀራው ገጽ ወቅት ስለማይጠብቅ በተራው የወር ቁጥር ሊመዘን ይችላል።