ሁሉም ሲኮርጅ ክበቡ ምን ይበል?

በብዙ ትምህርት ቤቶች የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ክበብ አለ። ፈተና ሲቃረብ የክበቡ ተወካይ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ወይም በሚኒ ሚዲያ ስለ ኩረጃ ንግግር ያደርጋል። ብዙውን ጊዜ ንግግሩ «ኩረጃ ሌብነት ነው» ብሎ ይጀምርና በዚያው ያበቃል። ይህን ግን የማያውቅ ተማሪ የለም። ክፍል ውስጥ ኩረጃ የሚታየው እንደ መረዳዳት ነው። መልሱን የሚሸፍን ልጅ «ስስታም» ይባላል፤ አጤሬራ ይዞ የገባው ደግሞ እንደ ብልህ ይቆጠራል። ስለዚህ ንግግሩ ከሁሉ አስቀድሞ ሊደርሰው የሚገባው «አሳየኝ» የሚባለው ተማሪ ነው።

የኩረጃን ስፋት አገሪቱ በአደባባይ አይታዋለች። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ አስቀድሞ በመውጣቱ ፈተናው ተሰርዞ በሌላ ጊዜ ተሰጠ። ትምህርት ሚኒስቴር የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞችን ከየትምህርት ቤታቸው አውጥቶ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ሲፈትን፣ ከ50 በመቶ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። በቀጣዩ ዓመትም ውጤቱ 3.2 በመቶ ነበር። የውጤቱ ዝቅተኛነት ሁሉ በኩረጃ መቅረት አይሳበብም፤ የመምህር፣ የመጽሐፍና የመማሪያ ጊዜ እጥረትም አለበት። ኩረጃው ግን ይህን ጉድለት ለዓመታት ሸፍኖ አቆይቷል። ክበቡ ለተማሪዎች ሊያስረዳ የሚገባውም ይህንኑ ነው።

የሚከተለው ሦስት ደቂቃ የማይሞላ ንግግር ለዚህ ዓላማ የተዘጋጀ ነው።

«ውድ ጓደኞቼ፣ ክፍላችን 50 ተማሪዎች አሉት እንበል። መምህራችን የኳድራቲክ ኢኩዌሽን ፈተና ሰጡን። የገባን 20 ነን። ሌሎች 25 ልጆች ከእኛ ኮረጁ። መምህራችን ወረቀቱን ሲያርሙ 45 ተማሪ እንደገባው ያያሉ፤ ስለዚህ ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ይሄዳሉ። ባንኮርጅ ኖሮ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ተማሪ እንዳልገባው አይተው ትምህርቱን ይደግሙልን ነበር። የ25ቱን ልጆች ድጋሚ ትምህርት የወሰድነው እኛ ነን። መልሱን ያሳየነው ወዳጃችንን ልንረዳ ነበር፤ ነገር ግን የሚያስፈልገውን እርዳታ አስቀረንበት።

«እውነቱን እንነጋገር። ሌላው እየኮረጀ እኔ ብቻ ባልኮርጅ በዚህ ሴሚስተር ደረጃዬ ሊወርድ ይችላል። ይህ ያማል፤ ፍትሐዊም አይደለም። ሆኖም በራሴ ያመጣሁት 58 የቱን ምዕራፍ እንደማላውቅ ይነግረኛል። የተኮረጀ 85 ግን ምንም አይነግረኝም። ፈተናው በማላውቀው ግቢ፣ በማላውቃቸው ልጆች መካከል ሲመጣ ይዤ የምገባው የማውቀውን ብቻ ነው።

«ስለዚህ ጓደኛችሁ ‘አሳየኝ’ ሲላችሁ ዝም አትበሉት፤ አትቆጡትም። ከፈተናው በፊት ‘አሁን አላሳይህም፤ ዛሬ ከሰዓት ግን ቁጭ ብለን አብረን እንሠራዋለን’ በሉት። ቃላችሁንም ጠብቁ። አመሰግናለሁ።»

የንግግሩ ጉልበት ያለው በመጨረሻው ቃል ላይ ነው። ብዙ ተማሪ የሚያሳየው መኮረጅን ስለሚደግፍ ሳይሆን ወዳጁን ላለማስቀየም የሚመልሰው ቃል ስለሚያጣ ነው። እምቢታው ከፈተናው በፊት ሲነገርና ከጥናት ግብዣ ጋር ሲመጣ ወዳጅነቱን አያቆስልም። ግብዣው የአፍ ብቻ ከሆነ ግን ልጁ እውነትም ስስታም ይመስላል። ስለዚህ ክበቡ ንግግሩ በቀረበበት ሳምንት የጥናት ቡድን ማዘጋጀት፣ ቦታና ሰዓት መቁረጥ አለበት።

ክበቡ የኮራጆችን ስም ለመመዝገብ ግን መነሣት የለበትም። ተማሪው ክበቡን እንደ ሰላይ ካየው በኋላ የሚሰማው አይኖርም። ከዚያ ይልቅ ለኩረጃ በር የሚከፍተውን አሠራር ለመምህራን ያቅርብ፦ ወንበሮቹ መጠጋጋታቸውን፣ አንድ ዓይነት ፈተና ለሁሉም መታደሉን፣ ፈታኙ ስልክ እያየ መቀመጡን። የጥያቄው ቅደም ተከተል የተለያየ ሁለት ኮድ ማዘጋጀት ብቻ እንኳ ጎን ለጎን መኮረጅን በእጅጉ ያከብዳል።

መምህራንና ወላጆችም ድርሻ አላችሁ። በራሱ ሠርቶ 58 ያመጣ ልጅ ቤት ሲገባ ከጎረቤት ልጅ 85 ጋር ተነጻጽሮ ከተሰደበ የክበቡ ንግግር ከንቱ ይቀራል። ያን ወረቀት ሲያመጣላችሁ መጀመሪያ «የቱ ምዕራፍ ከበደህ?» ብላችሁ ጠይቁት።